ለረጅም ፊት የሚስማማ የፀጉር አቆራረጥ

በፀጉር ሥራ ረጅም የሚባለው ፊት፣ ከፀጉር መብቀያው እስከ አገጭ ያለው ርዝመት በጉንጮቹ ላይ ካለው ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ለመለካት መስታወትና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሉ። መቀስ አጥንት አይቀይርም፤ ዓይን የሚያየውን ርዝመት ግን ይቀንሳል፣ ስፋቱንም ይጨምራል።

ርዝመቱን የሚቀንሰው ግንባር ላይ የሚወርደው ፍሪንጅ ነው። ፊቷ 21 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንዲት ሴት አለች እንበል። ርዝመቱ የስፋቱ 1.6 እጥፍ ነው። ግንባሯ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ፍሪንጁ እስከ ቅንድቧ ከደረሰ፣ የሚታየው ፊት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከስፋቱ ብዙም አይበልጥም።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ግንባሩ ረጅም ሲሆን ነው። ርዝመቱ ያለው ከአፍንጫ በታች ከሆነ፣ ወፍራምና ቀጥ ያለ ፍሪንጅ ዓይንን ወደ አገጭ ይስባል። ለእንዲህ ዓይነት ፊት ወደ ጎን የተጣለ ስስ ፍሪንጅ ይሻላል።

ለከርዳዳ ፀጉር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በፒያስትራ ተስቦ ቅንድብ ላይ የተቆረጠ ፍሪንጅ ታጥቦ ሲደርቅ ተጠቅልሎ ግንባር መሀል ላይ ይቀራል። ስለዚህ በተፈጥሮ ሁኔታው፣ ደረቅ እንዳለ መቁረጥ ይመረጣል።

ስፋቱን የሚጨምረው የጎኑ ሙላት ነው። ሌየር ሲሠራ አጭሩ ፀጉር ጉንጭ ላይ፣ ቀጣዩ መንጋጋ ላይ ያርፋል። የተለመደው ስህተት ሌየሩን ከአናት መጀመር ነው፤ ያጠረው ፀጉር ይቆምና ፊቱን የባሰ ያስረዝማል። ቢጎዲን ሲጠቀለልም ጎኖቹ ይሞላሉ እንጂ አናቱ ከፍ አይልም። ሥራው የተሳካ መሆኑ የሚታወቀው ፀጉሩ በጣም የሚሰፋው በጆሮና በመንጋጋ መካከል ሲሆን ነው። ከደረት በታች ወርዶ መሀል ላይ የተከፈለ ቀጥ ያለ ፀጉር በፊቱ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ይሠራል፤ ወደ ጎን የተከፈለና ትከሻ ላይ የሚያበቃ ግን ርዝመቱን ይሰብረዋል።

ሹሩባም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይችላል። ፊት ለፊቱ ወደ ኋላ ተጎንጉኖ ሲለጠፍ ግንባር ሙሉ በሙሉ ይጋለጣል፤ ማጅራት ላይ የሚለቀቀው ፀጉር ግን በአንገት ግራና ቀኝ ሲነሰነስ መንጋጋውን ያሰፋዋል። ረጅም ፊት ያላት ሴት ይህ የተለቀቀው ክፍል በዛ እንዲል፣ ጉንጉኑም ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን እንዲያዘነብል ማዘዝ ትችላለች። አፍሮ ከሆነ አናቱ ዝቅ ተደርጎ ይከረከማል፤ ጎኑ አይነካም።