ሁለት ቡድኖች በነጥብ ሲተካከሉ

በእግር ኳስ ውድድር ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ፥ እኩል የወጣም 1 ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ግን ምንም አያገኝም። በውድድሩ መጨረሻ ሁለት ቡድኖች በነጥብ የተካከሉ እንደ ሆነ ማን ይቅደም? መልሱ እንደየአገሩ ደንብ ይለያያል።

የእንግሊዝ ደንብ አስቀድሞ የግብን ልዩነት ይመለከታል፤ ይኸውም ቡድኑ ካገባው ግብ የገባበት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። የእስፓኝ ደንብ ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው የተጋጠሙበትን ውጤት ያስቀድማል።

የዚህ ነገር ፍሬ በ2007 ዓመት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በእስፓኝ ታየ። ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እያንዳንዳቸው 76 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ባርሴሎና 78 ግብ አግብቶ 33 ስለ ገባበት ልዩነቱ 45 ሆነ፤ ሪያል ማድሪድም 66 አግብቶ 40 ስለ ገባበት ልዩነቱ 26 ሆነ። እንግዲህ በእንግሊዝ ደንብ ቢሆን ዋንጫው የባርሴሎና በሆነ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ በተጋጠሙ ጊዜ ሪያል ማድሪድ በገዛ ሜዳው 2 ለ 0 አሸንፎ ነበር፤ በባርሴሎና ሜዳም 3 ለ 3 ተለያይተዋል። ከሁለቱ ግጥሚያ ሪያል ማድሪድ 4፥ ባርሴሎና 1 ነጥብ ስላገኙ ዋንጫው ለሪያል ማድሪድ ሆነ።

ሁለቱም ደንቦች ጕድለት አላቸው። የግብ ልዩነት በደካማ ቡድን ላይ የተከመረውን ግብ ሁሉ ይቈጥራል፤ የእርስ በርሱ ውጤት ደግሞ ከ38 ጨዋታ 2ቱን ብቻ ይመዝናል። እርሱም የተካከለ እንደ ሆነ የእስፓኝ ደንብ ራሱ ወደ ግብ ልዩነት ይመለሳል።