ሜላቶኒን፦ 10 ሚሊ ግራም ያላስተኛውን ልጅ ግማሽ ሚሊ ግራም እንዴት ያስተኛዋል?



መካነ ሰላም የሚማር አንድ ወጣት በውስጥ መስመር የጻፈልኝን ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አውጥቼ ነው የማካፍላችሁ።

«ዶክተር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሳይሆን ዓይኔ አይከደንም። ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ አለኝ፣ ግማሹን ቀን አልደርስበትም። እህቴ ከአሜሪካ ሜላቶኒን ላከችልኝ፣ ባለ 10 ሚሊ ግራሙን። አልጋ ውስጥ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ እውጠዋለሁ። አንዱ አልሠራ ሲል ሁለት አደረግኩት። አሁን ጭራሽ ጠዋት ጠዋት እንደሰከረ ሰው ያንገዳግደኛል። ሦስት ላድርገው?»

ኧረ በፍጹም! መልሴ ተቃራኒው ነው፦ መጠኑን ወደ ግማሽ ሚሊ ግራም አውርደው፣ ሰዓቱን ደግሞ ወደ ማታ 3 ሰዓት ተኩል አምጣው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ላስረዳችሁ። (እዚህ የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በሀገራችን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ፦ ችግሩ እንቅልፍ ማጣት ነው ወይስ ሰዓት መዛባት?

ልጁን አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ዕረፍት ላይ ቤተሰብ ጋ ስትሆን፣ የሚቀሰቅስህ ከሌለ እንዴት ነው የምትተኛው?» መልሱ፦ «9 ሰዓት እተኛለሁ፣ ረፋድ 5 ሰዓት እነሳለሁ። እንቅልፌ ግን ጥሩ ነው፣ ስነሳም ንቁ ነኝ።»

ፍንጩ ይሄ ነው። እንቅልፉ አልጠፋም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ይተኛል፣ በቃ ቦታው ላይ አይደለም። ይህ የዘገየ የእንቅልፍ ሰዓት ይባላል፤ በተለይ በወጣቶች ላይ ይበዛል። በነጻ ቀኑም ቢሆን የሚገላበጥ፣ በየሰዓቱ የሚነቃ፣ ወይም ሌሊት ነቅቶ በጭንቀትና በሐዘን የሚብሰለሰል ሰው ግን ችግሩ ሌላ ነው። ለእሱ ከዚህ በታች የምጽፈው አይሠራለትም፣ ሐኪም ያነጋግር።

ሜላቶኒን መዶሻ አይደለም፣ ደወል ነው

ሜላቶኒንን የሚያመነጨው አእምሯችን ውስጥ ያለች ፓይኒያል የምትባል ትንሽ ዕጢ ናት። ሲመሽ፣ ብርሃን ሲቀንስ ትለቀዋለች። መልእክቱም ለሰውነት «መሽቷል» ማለት ነው። እንደ እንቅልፍ መድኃኒት ሰውን መትቶ አይጥልም። ዋናው ሥራው የሰውነትን ሰዓት ማስተካከል ነው።

ይህ ደወል በአብዛኛው ሰው ላይ የሚጀምረው ከሚተኛበት ሰዓት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። የኛ ልጅ ሌሊት 9 ሰዓት የሚተኛ ስለሆነ፣ የራሱ ሜላቶኒን የሚነሳው ሌሊት 6 እና 7 ሰዓት መካከል ነው ማለት ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ክኒን ሲውጥ ደወሉ ቀድሞ ተደውሏል። «መሽቷል» ብሎ ለሚያውቅ ሰውነት «መሽቷል» ብሎ መንገር ምን ይጠቅማል?

ሰዓቱን ወደ ቀደመ ጊዜ ለመሳብ ክኒኑ ከተፈጥሮው ደወል መቅደም አለበት። በ2010 በአሜሪካ ሄለን በርጀስና ባልደረቦቿ ይህንኑ መርምረው ነበር፤ ግማሽ ሚሊ ግራም የሰውነትን ሰዓት ይበልጥ የሚስበው የራስ ሜላቶኒን ከመነሳቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ሲወሰድ እንደሆነ አገኙ። በልጁ ላይ አስሉት፦ ከ6 እና ከ7 ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ስትቀንሱ ማታ 3 እና 4 ሰዓት መካከል ይመጣል። 3 ሰዓት ተኩል ያልኩት ለዚህ ነው፤ ልማዱ ከሆነው የመኝታ ሰዓት 5 ሰዓት ተኩል ይቀድማል።

ታዲያ ለምን ትንሽ?

ብዙዎቻችሁ «ትንሹ ከሠራ ትልቁ የበለጠ ይሠራል» ትሉ ይሆናል። ለሜላቶኒን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ምክንያቱም ይኸው ደወል ማታ ሲሰማ ሰዓታችንን ቀደም ያደርገዋል፣ ጠዋት ሲሰማ ግን ያዘገየዋል። ስለዚህ ደወሉ ማታ ጮኾ ማታ ማቆም አለበት።

ሜላቶኒን ደም ውስጥ በየ45 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። 10 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው ደሙ ውስጥ የሚገኘው 5፣ ከዚያ 2.5፣ ከዚያ 1.25 እያለ ይወርዳል። ከ3 ሰዓት በኋላ እንኳ ገና ግማሽ ሚሊ ግራም እንደዋጠ ሰው ነው የሚሆነው። ሌሊት 8 ተኩል ላይ የዋጠው ልጅ ንጋት ላይ ሁለተኛ ክኒን የዋጠ ያህል ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ጓደኞቹ ክላስ ገብተው ሳለ ሰውነቱ ገና «መሽቷል» ይለዋል። ጠዋት እንደሰከረ የሚያደርገው ይኼ ነው። ከዚያም በላይ ለነገ ሰዓቱን ጭራሽ እያዘገየው ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2002 የኦሪገኑ ሐኪም አልፍሬድ ሌዊና ባልደረቦቹ አንድ ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር የሆነን ሰው ታሪክ አሳተሙ። ብርሃን የማያይ ሰው የሰውነት ሰዓቱ ልጓም ስለሌለው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይዞራል። ለዚህ ሰው በየማታው እስከ 20 ሚሊ ግራም ሰጡት፣ ሰዓቱ አልያዘም። ወደ ግማሽ ሚሊ ግራም ሲያወርዱት ያዘ። ማብራሪያቸውም ከላይ ያልኩት ነው፦ ትልቁ መጠን ማታውን አልፎ ወደ ጠዋቱ ፈሰሰ፣ ማታ የሳበውን ጠዋት መለሰው።

በ2001 ደግሞ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑና እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ላይ ሦስት መጠን ሞከሩ፦ 0.1፣ 0.3 እና 3 ሚሊ ግራም። እንቅልፋቸውን ይበልጥ ያሻሻለው መካከለኛው 0.3 ነበር። 3 ሚሊ ግራሙ የሰውነት ሙቀት አወረደ፣ ደማቸው ውስጥም እስከ ቀን ቆየ።

ታዲያ ገበያው ለምን በባለ 5 እና ባለ 10 ሞላ? አሜሪካ ውስጥ ሜላቶኒን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚሸጥ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2023 የታተመ ጥናት 25 ዓይነት የሜላቶኒን ከረሜላዎችን መርምሮ 22ቱ ከተጻፈባቸው የተለየ መጠን እንዳላቸው አገኘ። እጅግ የበዛበት ከተጻፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበረው።

ልጁ ያደረገው እንዲህ ነው

እህቱን 0.5 ሚሊ ግራም፣ ወይም 300 ማይክሮ ግራም የሚል እንድትልክለት ነገራት። (300 ማይክሮ ግራም 0.3 ሚሊ ግራም ነው፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አትደንግጡ።) ባለ 1 ሚሊ ግራም ከተገኘ ለሁለት መክፈል ይቻላል። ባለ 10ሩን ግን በእጅ ሃያ ቦታ መክፈል አይሞከርም። ቀስ ብሎ የሚሟሟ፣ «ታይም ሪሊስ» የሚባለውም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲጀመር የተሠራው ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይ ነው።

የጀመረው በሴሚስተር ዕረፍት ነው። ይህ ወሳኝ ነበር። 5 ሰዓት የሚነቃ ሰውነትን በአንድ ቀን 1 ሰዓት ላይ አስነስቶ ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ለሰውነቱ ያ ገና ሌሊት ስለሆነ፣ ሰዓቱን ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ሄደ።

በመጀመሪያው ቀን ክኒኑን ማታ 3 ሰዓት ተኩል ወሰደ። በማግስቱ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ተነስቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ወዲያው ውጭ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ብርሃን ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በየ3 ቀኑ ሁሉንም ነገር፣ ክኒኑንም መነሻውንም፣ 30 ደቂቃ ቀደም አደረገ። ክኒኑ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሲደርስ እዚያው አቆመው። መነሻውን ግን መቀጠል ነበረበት። በ22ኛው ቀን መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት ደረሰ። በአራተኛው ሳምንት ማታ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፉ ራሱ ይመጣ ጀመር።

የኛ ሀገር ፀሐይ እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ናት። ቦረናም ሆነ መቅደላ፣ በጋም ሆነ ክረምት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጭው ብሩህ ነው። ደመና ቢሆንም የውጭ ብርሃን ከክፍል መብራት በእጅጉ ይበልጣል። በመስኮት ማየት ግን አይተካውም፣ ውጡ።

ሌላው ቡናው ነው። ወሎ ውስጥ አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ማለት አይሆንም። ማታ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ ማባረር ብቻ ሳይሆን የሰውነት ሰዓቱን ራሱን ያዘገየዋል። ልጁ ቡናውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጨረሰ። ጫትም ለፈተና እያለ ይቅም ነበር፣ ተወው። ክኒኑን ከዋጠ በኋላ መብራት አደበዘዘ፣ ስልኩንም ከፊቱ አራቀ። ዓይን ላይ ብርሃን እያበሩ ሜላቶኒን መዋጥ በአንድ እግር ፍሬን፣ በሌላው ነዳጅ እንደመርገጥ ነው።

ውጤቱን በምን ታውቃላችሁ?

በመጀመሪያው ሌሊት ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ክኒኑ ያን ቀን እንዲያስተኛችሁ ሳይሆን ሰዓቱን እንዲያመጣው ነው የምትወስዱት። በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ግማሽ ሚሊ ግራም ለ4 ሳምንት ከቋሚ የመኝታ ሰዓት ጋር የወሰዱ ሰዎች፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት በአማካይ 34 ደቂቃ ቀድመው ተኙ። ተአምር አይደለም፣ ብቻውንም ሁሉን አይሠራም። የልጁ ለውጥ ከዚህ የበለጠው የጠዋቱ ብርሃንና የመነሻ ሰዓቱ ስለታከሉበት ነው።

ጠዋት ከደበታችሁ መጠኑ በዝቷል ወይም ሰዓቱ ዘግይቷል፤ አትጨምሩ፣ ቀንሱ። ከ4 ሳምንት በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለ ደግሞ ችግሩ ሰዓቱ ላይሆን ስለሚችል ታዩ። ከተስተካከለ በኋላም ቅዳሜና እሑድ እስከ 5 ሰዓት የሚተኛ ሰው ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል።

ሐኪም ሳታማክሩ የማትጀምሩ

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ የሚጨቁን ወይም የሚለዋወጥ የስሜት ሕመም መድኃኒት ላይ ያለ። በተለይ ፍሉቮክሳሚን የሚባለው መድኃኒት ሜላቶኒን ከደም እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ትንሹን መጠን ትልቅ ያደርገዋል። ክኒኑን ከዋጣችሁ በኋላ መኪናም ሞተርም አትንዱ።

ልጁ ባለፈው ሲጽፍልኝ «ዶክተር፣ ያቺን ባለ 10 ሚሊ ግራም ጠርሙስ ምን ላድርጋት?» አለኝ። ለሌላ ሰው አትስጣት አልኩት።

እናንተስ ቤታችሁ ያለው ጠርሙስ ስንት ሚሊ ግራም ይላል? እስቲ አገላብጣችሁ አንብቡትና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።