ዱቄቱ ውሃ ከነካው በኋላ

ከፋርማሲ የሚሰጠን የሕፃናት ኦግመንቲን ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው፤ ሽሮፕ የሚሆነው ውሃ ሲጨመርበት ነው። ፋብሪካው በጥብጦ የማይሸጥልን መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ ነው። ዱቄቱ እርጥበት በሌለበት፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ ማብቂያ ቀኑ ይቆያል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን፣ ያውም ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ፣ እንደ አምራቹ መመሪያ 7 ወይም 10 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» የምትለው የፋርማሲስቱ የችኮላ ቃል ይህን ሁሉ ይዛለች፤ ምክንያቱ ስለማይነገረን ግን ብዙዎቻችን እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አንሰማትም።

ኦግመንቲን ሁለት መድኃኒቶችን የያዘ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው አሞክሳሲሊን ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን አሞክሳሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ። ሁለተኛው መድኃኒት፣ ክላቩላኒክ አሲድ፣ ያንን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል፤ የአሞክሳሲሊን አጃቢ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም በውስጣቸው ቤታ ላክታም የሚባል ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት አላቸው። ጉልበታቸው ያለው እዚያ ነው፤ ድክመታቸውም እዚያው። ቀለበቱ ተወጥሮ የተያያዘ በመሆኑ ውሃ ቀስ በቀስ ይከፍተዋል፤ ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። በጥቅሉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አንዴ የተከፈተ ቀለበት ተመልሶ አይገጥምም። ስለዚህ ሙቀት ላይ ውሎ ያደረን ሽሮፕ ፍሪጅ መመለስ ቀሪውን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ሁለቱ እኩል አለመጎዳታቸው ነው ችግሩን የሚያከፋው። ቀድሞ የሚያልቀው ክላቩላኒክ አሲድ ነው። «156» የሚል ቁጥር ያለበትን ጠርሙስ እንውሰድ፤ በ5 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 125 ሚሊ ግራም አሞክሳሲሊንና 31.25 ሚሊ ግራም ክላቩላኒክ አሲድ አለ። ጠርሙሱ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሰንብቶ የክላቩላኒክ አሲዱ ሲሶ ጠፋ እንበል። 21 ሚሊ ግራም ገደማ ይቀራል፤ አሞክሳሲሊኑ ግን ያን ያህል ላይቀንስ ይችላል። ልጁ የሚውጠው ወደ ተራ አሞክሳሲሊን እየተጠጋ ያለ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ኦግመንቲን ያዘዘው ደግሞ ተራው አሞክሳሲሊን አይበቃም ብሎ ሊሆን ይችላል። ምን ያህል እንደጠፋ ቤት ውስጥ መለካት ስለማይቻል መጠኑን ጨምሮ ማካካስም አይሆንም። ነጣ ያለው ሽሮፕ ወደ ቢጫ ወይም ቡናማ ከዞረ መበላሸቱን ያሳያል፤ ቀለሙ አልተለወጠም ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ጉዳቱ አንዳንዴ ገና ሲበጠበጥ ይጀምራል። ውሃ አፍልቶ መጠቀም ጥሩ ነው፤ ግን ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩስ ውሃ መድኃኒቱን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ያደክመዋል። መጀመሪያ ጠርሙሱን ነቅንቆ ዱቄቱን ማላቀቅ፣ ከውሃው አብዛኛውን ጨምሮ በደንብ መበጥበጥ፣ አረፋው ሲረጋ ቀሪውን እስከ ምልክቱ መሙላት ነው። አረፋውን ውሃ መስሏቸው ከምልክቱ በታች የሚያቆሙ አሉ፤ የእነሱ ሽሮፕ ከሚገባው በላይ ይወፍራል። የተበጠበጠበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ።

ሐኪሙ 5 ሚሊ ሊትር በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ካዘዘ 105 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ባለ 100 ጠርሙስ አይበቃም። ሁለት ጠርሙስ ከተሰጠ ሁለተኛው የመጀመሪያው እስኪያልቅ በዱቄትነቱ ይቆይ። ሁለቱን አንድ ላይ መበጥበጥ የሁለተኛውን ዕድሜ ያለ ጥቅም ማቃጠል ነው።

ፍሪጅ ማለት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ መካከለኛው ይሻላል። በረዶ ቤቱ ግን አይሆንም፤ ረግቶ የቀለጠ ሽሮፕ ስለሚጓጉል አንዱ ማንኪያ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት መድኃኒት ሊይዝ ይችላል። መብራት ሲጠፋ በሩን ዘግቶ መተው ነው።

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሽሮፕ አይሠራም። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ፍሪጅ አይፈልግም። ክላሪትሮማይሲን እንዲያውም ፍሪጅ ውስጥ ይወፍራል፤ ስለዚህ ውጭ ነው የሚቀመጠው። የተበጠበጠ ተራ አሞክሳሲሊን ፍሪጅ ቢመረጥለትም ከኦግመንቲን የበለጠ ይታገሣል።

ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ ፍሪጅ የሌለው ቤት ምን ያድርግ? በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ እንስራ ደረቅ አየር ባለበት ሙቀቱን ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ 8 ዲግሪ ግን አያደርስም። እዚህ ላይ ከጠርሙሱ ጋር ከመታገል መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ «ፍሪጅ የለኝም» ማለት ይሻላል። ለሕፃናት የሳንባ ምች የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚመክሩት በውሃ የሚሟማ የአሞክሳሲሊን ክኒን ነው። በፍሬ የታሸገ ስለሆነ ዛሬ የሚሰጠው ብቻ በትንሽ ውሃ ይሟሟል፤ የነገው እንደ ደረቀ ይጠብቃል።