በከሚሴ ሱቆች «የአሥር ብር ስጠኝ»፤ የፓኬት መጠንና ዋጋ በዕለት ገንዘብ ለሚገዙ ሰዎች እንዴት ይመረጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በከሚሴ ከተማ፣ ወደ ማታ ገደማ በአንድ አነስተኛ ሱቅ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው፣ አብዛኛው ገዢ ዕቃ የሚጠይቀው በግራም ወይም በሊትር ሳይሆን በገንዘብ መሆኑን ይሰማል። «የአሥር ብር ኦሞ ስጠኝ»፣ «የሃያ ብር ዘይት ቅዳልኝ» ይባላል። አስቀድሞ የሚታወቀው ገንዘቡ ነው፤ ዕቃው የገንዘቡን ያህል ይሆናል። በጉልት ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ ሲሸጥም ልማዱ ያው ነው፤ ዋጋው በጨመረ ጊዜ የመደቡ ዋጋ ሳይለወጥ ከመደቡ ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ይነሣል። እንግዲህ የፋብሪካው ትንሽ ፓኬት ወደዚህ አገር የመጣው ቀድሞ በነበረ ልማድ ላይ ነው። በሌላም አገር እንዲሁ ነው፤ በፊሊፒንስ ይህ የቁንጥር ግዢ «ቲንጊ» የሚል የራሱ ስም አለው፤ በሕንድም በ1980ዎቹ እ. ኤ. አ. የፀጉር ሻምፑ በአንድ እጥበት ልክ እየታሸገ በሳንቲም ይሸጥ ጀመር።

የፓኬትን መጠን ለመምረጥ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ገዢው ገንዘብ በእጁ የሚገባው በየስንት ቀኑ እንደ ሆነ ነው። በዚህ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሦስት ዓይነት ገዢ ይገኛል። በከተማው ውስጥ በጉልበት ሥራ ወይም በጉልት ንግድ የሚኖረው ሰው የዕለቱን ገንዘብ በዕለቱ ያገኛል። ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ግን ፍየል ወይም እህል ሸጦ ገንዘብ የሚይዘው በገበያ ቀን ነው፤ ይኸውም በሰንበቴ እሑድ፣ በባቲ ሰኞ ነው። ደመወዝተኛው በወር አንድ ጊዜ ይቀበላል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሳሙና ቢፈልጉም አንድ ዓይነት ፓኬት አይበቃቸውም።

ነገሩን በዱቄት ሳሙና እናስረዳ። ዋጋዎቹ ለሒሳቡ መረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ትንሿ ፓኬት 30 ግራም ይዛ በ10 ብር፣ መካከለኛዋ 200 ግራም ይዛ በ60 ብር፣ ትልቋ 500 ግራም ይዛ በ140 ብር ትሸጣለች እንበል። ለ100 ግራም ሲታሰብ የትንሿ ዋጋ 33 ብር ከ33 ሳንቲም፣ የመካከለኛዋ 30 ብር፣ የትልቋ 28 ብር ይሆናል። ትንሿ የምትወደደው በነጋዴው ስስት ብቻ አይደለም። 8 በ10 ሳንቲሜትር የሆነች ፓኬት በሁለት ገጿ 160 ካሬ ሳንቲሜትር ላስቲክ ትወስዳለች፤ ይህም ለአንድ ግራም ሳሙና ከ5 ካሬ ሳንቲሜትር በላይ ነው። 16 በ22 የሆነችው ትልቋ 704 ካሬ ሳንቲሜትር ብትወስድም ለአንድ ግራም የሚደርሰው 1.4 ብቻ ነው። የማሸጊያውና የማተሚያው ወጪ እንደዚሁ ይከተላል።

አንዲት የቤት እመቤት በቀን አንድ ሳፋ ልብስ በ30 ግራም ብታጥብ፣ ትልቋ ፓኬት ወደ 17 ቀን ያህል ትቆያለች። ይኸው መጠን በትንንሹ ቢገዛ 167 ብር ገደማ ያስወጣል። ስለዚህ ትልቋን የገዛ 27 ብር ያተርፋል። ታዲያ ድሃው ይህን ሒሳብ አያውቅምን? ያውቃል። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ወደ ቤቱ የገባው 300 ብር ከሆነ፣ 140ውን ለሳሙና ሲያወጣ የማሽላው ዱቄት፣ ዘይቱና ከሰሉ በቀሪው 160 ብር ይሸፈን ማለት ነው። የ27 ብሩ ትርፍ የሚገኘው በ17 ቀን ተቆራርጦ ሲሆን፣ ጉድለቱ ግን የሚታየው በዚያው ማታ በእራት ላይ ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ነገር አለ፤ ለእኛም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ትንሿ ፓኬት መስፈሪያም ናት። ተቀዳ ስትፈስ ታልቃለች፤ የሚተርፍ የለም። ትልቋ ግን በተከፈተች ጊዜ እጅ ይፈታል፤ ልጆች ይዘግናሉ፣ ጎረቤት ይዋሳል፣ ውሃ የነካት እንደሆነ ትረጋለች። በዚህ ምክንያት የቀኑ ፍጆታ ከ30 ግራም ወደ 36 ቢያድግ፣ የቀኑ ወጪ 10 ብር ከ8 ሳንቲም ይደርሳል። ይህ ከትንሿ ፓኬት ዋጋ ስለሚበልጥ የትልቋ ትርፍ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። ስድስት ግራም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይርቅም። ትልቋን መግዛት የሚጠቅመው ሳሙናውን በክዳን ዕቃ ለሚያኖርና በማንኪያ እየለካ ለሚጨምር ቤት ነው፤ ገንዘቡንም ዕቁብ በደረሰ ጊዜ ማውጣት ይቻላል።

መካከለኛዋ ፓኬት በከተማው ሱቅ ብትሰነብት አያስደንቅም። ለዕለት ገዢ ትበዛለች፤ ለደመወዝተኛው ታንሳለች። ወደ ሰንበቴ ወይም ወደ ባቲ ብትወሰድ ግን 200 ግራሟ ለሰባት ቀን ጥቂት ሲቀር ስለምትበቃ፣ ከገበያ እስከ ገበያ ታደርሳለች። ዋጋዋም 60 ብር መሆኑ ጥሩ ነው፤ አንድ ባለ 50 እና አንድ ባለ 10 ብር ይከፍላታል። ዋጋዋ 57 ብር ቢሆን ባለሱቁ «ዝርዝር የለም» ብሎ በሦስቱ ብር ፈንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ይሰጥ ነበር። ገዢው ያልፈለገውን ማስቲካ ሲቀበል ዋጋው ያው 60 ብር ሆነበት።

ባለሱቁ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ትንሿን በ9 ብር ገዝቶ በ10 ቢሸጥ በ1,000 ብር 111 ፓኬት ይይዛል፤ በቀን 30 ቢሸጥ በአራት ቀን ውስጥ ገንዘቡን ከ111 ብር ትርፍ ጋር ይመልሳል። ትልቋን በ128 ብር ቢያመጣ 7 ፓኬት ብቻ ይይዛል፤ በሦስት ቀን አንድ ቢሸጥ 84 ብር ለማትረፍ 21 ቀን ይጠብቃል። ትንንሾቹ ፓኬቶች ከደጃፉ ላይ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥለው የሚታዩት ስለዚህ ነው። አንዳንዱ ባለሱቅ ትልቋን ቀዶ በላስቲክ እየቋጠረ ይሸጣል፤ 25 ግራም እየሰፈረ በ10 ብር ቢሰጥ ከአንዷ 200 ብር ያገኛል። ገዢው አምስት ግራም መጉደሉን በዓይኑ አይለይም፤ በሳፋው አረፋ ግን ይለየዋል።

የዕቃ ዋጋ በጨመረ ጊዜ፣ ለምሳሌ ብር በሐምሌ 2016 ዓ. ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ እንደ ሆነው ባለ ጊዜ፣ አምራቹ የ10 ብሯን ዋጋ ለመንካት ይፈራል፤ ስለዚህ ክብደቷን ይቀንሳል። ከ30 ወደ 25 ግራም ብትወርድ የ100 ግራሙ ዋጋ 40 ብር ሆነ፤ በስውር 20 በመቶ ተወደደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከመደቡ ላይ ሽንኩርት እንደሚነሣ ያህል ያለ ወሰን መቀነስ አይቻልም። ሽንኩርት ሦስትም ቢሆን ወጥ ይሠራል፤ አንድ ሳፋ ልብስ ግን የተወሰነ ሳሙና ይፈልጋል። ፓኬቷ ከአንድ እጥበት በታች ስትወርድ ገዢው ሁለት ይገዛል፤ የአሥር ብሩ ዕቃ የሃያ ብር ሆነ። ይህን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ባለሱቁ «ሁለት ስጠኝ» የሚሉትን ገዢዎች ቢቆጥር ይበቃዋል። ቁጥራቸው ከበዛ ፓኬቷ ያለ ልክ አንሳለችና፣ ለአምራቹ የሚሻለው 40 ግራም ሞልቶ ዋጋውን 15 ብር ማድረግ ነው።