አሠሪ ከአባት ምን ወረቀት መጠየቅ ይችላል?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ሲወለድላችሁ ወይም በጉዲፈቻ ስትቀበሉ፣ ሥራችሁን ሳታጡ እስከ 12 ሳምንት ቤት እንድትቆዩ የሚፈቅድ የፌዴራል ሕግ አለ። በ1993 የወጣ ሲሆን ሁሉም ኤፍ ኤም ኤል ኤ ይለዋል። ደመወዝ አይከፈልበትም። የጤና ኢንሹራንሳችሁ ግን ይቀጥላል፤ ስትመለሱም የቀድሞው ሥራችሁ ወይም እኩያው ይሰጣችኋል። ብዙ ሰው ለእናት ብቻ ይመስለዋል፤ ለአባትም እኩል ነው። ከልጁ እናት ጋር መጋባት እንኳ አያስፈልግም።

ለማን ይገባል? ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ሥራ የሚሠራ አንድ አባት እናስብ። ሆቴል በሳምንት 38 ሰዓት፣ ፓርኪንግ 20 ሰዓት ይሠራል፤ ሁለቱም ዘንድ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሕጉ ከአንድ አሠሪ ዘንድ ቢያንስ 12 ወር መቆየትን፣ ከፈቃዱ በፊት በነበሩት 12 ወራትም 1,250 ሰዓት በትክክል መሥራትን ይጠይቃል። የዕረፍትና የሕመም ቀናት አይቆጠሩም፤ ኦቨርታይም ይቆጠራል። ሆቴሉ በቀላሉ ያልፋል። ፓርኪንጉ ግን ዓመቱን ሙሉ ቢሠራበት እንኳ 1,040 ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ የሁለት የተለያዩ አሠሪዎች ሰዓትም አይደመርም። ሌላው መስፈርት አሠሪው በ75 ማይል ክልል ውስጥ 50 ሠራተኛ እንዲኖረው ነው። የእኛ ሰው ሆቴል 40 ሠራተኛ ብቻ ቢኖረውም፣ ያው ድርጅት 20 ማይል ርቀት ላይ ሌላ 30 ሠራተኛ ያለው ሆቴል ካለው፣ 70 ሆነው መስፈርቱን ያሟላሉ።

ጉዲፈቻ ላይ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ ፈቃዱ ልጁ ቤት ከመግባቱ በፊትም ሊጀመር ይችላል። ፍርድ ቤት ለመቅረብ፣ ጠበቃ ለማማከር፣ ልጁን ለማምጣት ወደ ሌላ አገር ለመጓዝም ይውላል። ያልተጠቀማችሁበት ቀሪ ፈቃድ ግን ልጁ ቤት ከገባ ወይም ከተወለደ በ12 ወር ውስጥ ካላለቀ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አሠሪው ዝምድናችሁን የሚያሳይ ምክንያታዊ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል። «የሕፃኑ አባት ነኝ» ብላችሁ የፈረማችሁበት አጭር ጽሑፍ ይበቃል፤ የልደት ሰርተፊኬት ወይም የፍርድ ቤት ሰነድ ማቅረብም ትችላላችሁ። ምርጫው የእናንተ ነው። ሰርተፊኬቱ እስኪደርስ መጠበቅ የለባችሁም፤ ዋናውን ሰነድ ካቀረባችሁም አሠሪው አይቶ መመለስ አለበት። ከጤነኛ ልጅ ጋር ለመሆን የሐኪም ማስረጃ መጠየቅ አይችልም። ባለቤታችሁ ከወሊድ በኋላ በጠና ታማ እሷን ለማስታመም ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ስለሆነ፣ የሐኪም ማስረጃ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ቀኑ አስቀድሞ ከታወቀ 30 ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ቅጂውንም ያዙ። አሠሪው እምቢ ካለ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 አቤቱታ ይቀበላል፤ ደውሉ።