«ይረጫል» ሲባል ማን ይርጭ? ተገብሮ ግስ በግብርና ጽሑፎች

በምርምር ሪፖርቶችና በግብርና መመሪያዎች «ተዘራ»፣ «ተመዘነ»፣ «ይረጫል» የሚሉ ግሶች ይበዛሉ። እነዚህ ግሶች ድርጊቱን እንጂ አድራጊውን አይገልጹም፤ በሰዋስው ተገብሮ ይባላሉ። አድራጊውን የሚያስቀድመው አነጋገር ደግሞ ገቢር ነው።

ተገብሮ በቦታው ሲውል ተገቢ ነው። የአፈር እርጥበት የሚለካ ተመራማሪ «ናሙናው ተመዘነ፤ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ24 ሰዓት በምድጃ እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላም እንደገና ተመዘነ» ብሎ ቢጽፍ ምንም አይጎድልበትም። አንባቢው ሊያውቅ የሚፈልገው ሙቀቱንና ሰዓቱን ነው፤ ሚዛኑን ማን እንደያዘ ማወቁ ውጤቱን አይለውጠውም።

የስንዴ ዋግ የጉዳት መጠን በዓይን ሲገመት ግን ነገሩ ይለያል። አንድን ቅጠል ሁለት ሰዎች አይተው የተለያየ ግምት ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ «ጉዳቱ ተገመተ» ከማለት «አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ሁሉንም መደቦች ገመተ» ማለት ይሻላል፤ አንባቢው ውጤቱን ምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃልና።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በመመሪያ ላይ ነው። ለአርሶ አደሮች እንዲህ ተጽፎ ቢሰጥ እንመልከት፦

«የዋግ ምልክት ሲታይ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ይረጫል። ከርጭት በኋላም ማሳው እንዲጠበቅ ይደረጋል።»

ማሳውን የሚያየው ማን ነው? የሚረጨውስ? ከብት እንዳይገባ የሚጠብቀውስ? ባለቤቱ ረጪውን፣ ረጪው ባለቤቱን ሲጠባበቁ ማሳው ያለጠባቂ ይቀራል። በዚያ ላይ «ይረጫል» ጠብቆ ሲነበብ ተገብሮ፣ ላልቶ ሲነበብ ገቢር ነው፤ ፊደላችን ግን ጥብቀትን አያሳይም። «ይዘራል»ም እንዲሁ ነው።

ያው መመሪያ በገቢር ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«የማሳው ባለቤት ስንዴውን በየሳምንቱ ይመልከት፤ በቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ብናኝ ካየ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያሳውቅ። የሠለጠነ ረጪ የመከላከያ ልብስ ለብሶ ይርጭ። ባለቤቱ በኬሚካሉ መያዣ ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ሰውም ከብትም ወደ ማሳው እንዳይገባ ይጠብቅ።»

ጽሑፉ ረዝሟል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት አግኝቷል። «የተጻፈው» የሚለው ተገብሮ በቦታው የቀረውም በምክንያት ነው፤ ጽሑፉን የጻፈው ማንም ይሁን ማን አርሶ አደሩ የሚያደርገው አይለወጥም።

ጸሐፊው ለመለየት ቢቸገር በእያንዳንዱ ተገብሮ ግስ ላይ «በማን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አንባቢው የሚሠራውን ወይም የሚያምነውን የሚለውጥ ከሆነ አድራጊውን ይጥቀስ፤ የማይለውጥ ከሆነ ተገብሮውን ይተወው። መመሪያ የሚቀበል አርሶ አደርም ይህንኑ ጥያቄ ለባለሙያው ሊያቀርብ ይችላል።