በጨለማ የሚያበራው ዱቄት

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1987 (እ.ኤ.አ.) በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ የጨረራ መለኪያ ተውሶ ወደ ጤና ቢሮ እየሄደ ነበር። አንዲት ሴት በዋዜማው በፌስታል አምጥታ ትታው የሄደችው ብረት ምን እንደሆነ እንዲያይ ተጠይቋል። ሕንፃው ጋ ሳይደርስ ገና ከሩቅ መለኪያውን ከፈተው። መርፌው ተወርውሮ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ቀረ። ወደ ግራ ቢያዞረው፣ ወደ ቀኝ ቢያዞረው ንቅንቅ አላለም። ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ ተዋሰ። ሁለተኛውም ያንኑ ሲያደርግ ነው ነገሩ የገባው፤ መለኪያዎቹ ደህና ነበሩ። ቢሮው ሲደርስ ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያንን ብረት ወስደው ወንዝ ሊጥሉት ሲዘጋጁ አገኛቸውና ለጥቂት አስቆማቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እኛ ቆራሌ ከምንለው ዓይነት ሥራ ነው። የካንሰር ጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረ ክሊኒክ ሌላ ቦታ ሲዛወር አንድ ማሽን በባዶው ሕንፃ ትቶ ሄዷል። ሁለት ወጣቶች ገብተው ከባዱን ክፍል ነቀሉት። ብረትና እርሳስ ዋጋ ያወጣል፤ ምናለሽ ተራ ብትሄዱም የሚያወጣ ነው። የዚያኑ ዕለት ማስመለስ ጀመራቸው። የበሉት ምግብ መስሏቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፣ መሐል ላይ ያለውን ትንሽ ብረት በስተውም ለአሮጌ ብረታ ብረት ነጋዴ ሸጡት።

ነጋዴው ማታ ጓሮው ሲወጣ ከቀዳዳው ሰማያዊ ብርሃን ሲፈልቅ አየ። እንደ ጌጥ ድንጋይ ያለ ውድ ነገር መሰለው። ቤት አስገባው፣ ጎረቤትና ዘመድ እየመጣ አየው፣ ከዱቄቱም ቆንጥሮ አካፈለ። ወንድሙ ወደ ቤቱ የወሰደውን የስድስት ዓመት ልጁ ተጫወተችበት፤ በዚያው እጇም በላች። ቤተሰቡ እየታመመ ሲሄድ ነገሩን ከብረቱ ጋር ያያዘችው የነጋዴው ሚስት ናት። ከሠራተኛቸው ጋር በከተማ አውቶቡስ ተሳፍረው ለጤና ቢሮ ያስረከቡት ያንን ነው።

ብረቱ ውስጥ የነበረው 93 ግራም የሲዚየም ክሎራይድ ጨው ነው። ሁለት እፍኝ እንኳን አይሞላም። ከዚህ ጨው ውስጥ ግን በየሰከንዱ ወደ 51 ትሪሊዮን የሚጠጉ አቶሞች ይፈርሱ ነበር። መፍረስ ሲባል ተሰባብሮ መበተን አይደለም። የሲዚየም 137 አቶም እምብርት፣ ማለትም ኒውክለሱ፣ 55 ፕሮቶንና 82 ኒውትሮን አለው። ይህ ስብስብ አልረጋ ስለሚል ከኒውትሮኖቹ አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጥና በዚያው ቅጽበት አንድ ኤሌክትሮን በከፍተኛ ፍጥነት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፕሮቶኑ 56 ሆነ፤ ስለዚህ አቶሙ ሲዚየም መሆኑ ቀርቶ ባሪየም ሆኗል። ተስፈንጥሮ የወጣው ኤሌክትሮን ቤታ ጨረር የሚባለው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ባሪየም የሚወለደው ትርፍ ጉልበት ተሸክሞ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያንን ትርፍ እንደ ብርሃን ባለ፣ ዓይን ግን በማያየው ሞገድ መልክ ይጥለውና ይረጋጋል። ጋማ ጨረር ይሄ ነው። ጋማ ክብደትም የኤሌክትሪክ ሙልም የለውም፤ የኤክስሬይ የቅርብ ዘመድ ነው። ያን ማሽን ለሕክምና ያዋለውም ከአካል ውጭ ሆኖ ሥጋን አልፎ ዕጢው ጋ መድረስ መቻሉ ነው።

የሁለቱን ልዩነት የጎያኒያ ሰዎች ገላ በግልጽ አሳይቷል። ቤታ ሥጋ ውስጥ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አያልፍም፤ ጉልበቱን በሙሉ ቆዳ ላይ ይጨርሳል። ዱቄቱን በእጃቸው ያሹ ሰዎች እጃቸው እሳት እንደነካው ተላጠና ቆሰለ። ጋማው ግን እዚያ አልቆመም። ቆዳውን አልፎ፣ ግድግዳውንም አልፎ፣ ዱቄቱን ጨርሶ ያልነካውን ሰው አጥንት ውስጥ ገብቶ ደም የሚሠራበትን መቅኔ አደከመ። ጋማን እርሳስ ያቆመዋል ሲባል ትሰማላችሁ፤ በትክክል ለመናገር ግን የሚያደርገው መቀነስ ነው። የሲዚየሙን ጋማ ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው እርሳስ በግማሽ ይቀንሰዋል፣ ሌላ ስድስት ሚሊሜትር ተኩል ቢደረብ የቀረውን በግማሽ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ነጋዴው ጋ ተቀጥረው ያንን ውድ እርሳስ ከመሐሉ ብረት ሲለዩ የነበሩት ሁለት ወጣቶች ሲሠሩ የዋሉት ጋሻውን የመንቀል ሥራ ነበር። ሁለቱም ሞቱ። ሕፃኗና የነጋዴው ሚስትም ሞቱ። ራሱ ነጋዴው ከሁለቱ ወጣቶች የሚበልጥ እንጂ የማያንስ ጨረር ደርሶት ተረፈ፤ የእሱ በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ የመጣ በመሆኑ ገላው በየመሐሉ የመጠገን ፋታ አግኝቷል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ አልፋ፣ ጎያኒያ ላይ አልነበረም። እሱን ለማየት ወደ ለንደን መሻገር ያስፈልጋል። በ2006 አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ የተባለ የቀድሞ የሩሲያ የስለላ መኮንን ሆቴል ውስጥ ሻይ ጠጥቶ ታመመ። ጠጉሩ ረገፈ፣ መቅኔው ደከመ፤ ምልክቱ ሁሉ የጨረር ነው። ሐኪሞቹ መለኪያ ቢያቀርቡለት ግን መለኪያው ዝም አለ። ሻይው ውስጥ የነበረው ፖሎኒየም 210 የሚተፋው አልፋ ነው ማለት ይቻላል፤ ጋማው ከቁጥር የማይገባ ነው። አልፋ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ተቆላልፈው የሚወጡበት ከባድ ጓል ነው። ክብደቱና የኤሌክትሪክ ሙሉ ከሚያገኘው አቶም ሁሉ ጋር ስለሚያጋጨው አየር ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር እንደሄደ ይደክማል፣ አንድ ወረቀት ያግደዋል፣ የገላችን የላይኛው የሞተ ቆዳም ያግደዋል። በኪስ ይዞት የሚዞር ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ከተዋጠ ግን ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ከጠጉር ባነሰ ውፍረት ውስጥ፣ ሕይወት ባለው ሕዋስ ላይ ነው። ምስጢሩ የታወቀው የሽንቱ ናሙና ልዩ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲመረመር፣ ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት ነው።

ስለዚህ «የቱ ይበልጥ አደገኛ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። «የት ሆኖ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከውጭ ሆኖ ጋማ ይከፋል፤ ውስጥ ሲገባ አልፋ ይከፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጋማ የመታው ሰው ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ራጅ ተነስታችሁ ስትመለሱ ቤተሰባችሁን እንደማትጎዱ ማለት ነው። ዱቄቱ ገላው ላይ ወይም ሆዱ ውስጥ ያለ ሰው ግን ይዞት ይሄዳል። ጎያኒያ ላይ ከ112 ሺህ በላይ ሰው በስታዲየም ተሰብስቦ ሲመረመር ዱቄቱ የተገኘባቸው 249 ናቸው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። አንድ የሲዚየም አቶም መቼ እንደሚፈርስ ማንም ሊናገር አይችልም። ዛሬ ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። አቶም አያረጅም፤ ሺህ ዓመት የኖረውም ትናንት የተፈጠረውም ነገ የመፍረስ ዕድላቸው እኩል ነው። ሺህ ሰው ሜዳ ላይ አቁማችሁ ሳንቲም አስወርውሩ፣ አንበሳ የወጣለት ይቀመጥ። ማን እንደሚቀመጥ አታውቁም፤ ወደ 500 የሚሆኑት እንደሚቀመጡ ግን ታውቃላችሁ። የቆሙት እንደገና ሲወረውሩ ወደ 250 ይቀራሉ፣ ከዚያ 125። በአንዱ ዙርና በሌላው መሐል ያለው ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ለሲዚየም 137 ይህ ጊዜ 30.17 ዓመት ነው፣ ለፖሎኒየም 210 ደግሞ 138 ቀን። ከላይ የጠቀስኩት ባሪየም ትርፍ ጉልበቱን የሚጥልበት ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

እንግዲህ የጎያኒያው ጨው በ2027፣ ማለትም በ40 ዓመቱ፣ ስንት ይቀረዋል? በግምት የሚሄድ ሰው «30 ዓመት ግማሹን ከበላ 60 ዓመት ሁሉንም ይበላዋል፤ 40 ዓመት ላይ አንድ ሦስተኛው ይቀራል» ይላል። ስህተቱ ሁለተኛው 30 ዓመት የሚበላው ከመጀመሪያው ሳይሆን ከተረፈው መሆኑን መርሳት ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
N = N0 × (1/2)^(t/T)
```

N0 መነሻው፣ t ያለፈው ጊዜ፣ T ግማሽ ዕድሜው ነው። መጀመሪያ ጊዜውን ለግማሽ ዕድሜው እናካፍል፤ 40 ለ30.17 ሲካፈል 1.326 ይሆናል። አንድ ዙር ሙሉ አልፏል፣ የሁለተኛው ደግሞ ሲሶው ያህል ተጀምሯል ማለት ነው። በስልካችሁ ሒሳብ ማሽን 0.5ን በ1.326 ከፍ ብታደርጉ 0.399 ታገኛላችሁ። ስለዚህ 40 በመቶው አለ፤ ከ51 ትሪሊዮኑ በየሰከንዱ ወደ 20 ትሪሊዮን የሚጠጋው ገና ይፈርሳል። መልሱ ትክክል መሆኑን ለማየት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከአንድ ዙር በላይ፣ ከሁለት ዙር በታች ስለሆነ ከ50 በመቶ ማነስና ከ25 በመቶ መብለጥ አለበት። ፖሎኒየሙን በዚሁ መንገድ ብታሰሉት በዓመቱ የሚተርፈው 16 በመቶ ብቻ ነው።

ይህን ሰዓት የሚያፈጥን መድኃኒት የለም። እሳት፣ አሲድ፣ ጸሎትም ቢሆን ሲዚየሙን ከ30.17 ዓመቱ አያስነቃንቁትም። ሐኪሞቹ የነኩት ሌላ ሰዓት ነበር። የተዋጠ ሲዚየም ገላችን ውስጥ እንደ ፖታሲየም እየተመሰለ በጡንቻ ይሰራጫል፤ አንድ አዋቂ ሰው ግማሹን ለማስወገድ 110 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው የቀለም ዱቄት ሲዋጥ ግን አንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይይዝና ከዓይነ ምድር ጋር ያወጣዋል፤ 110ሩ ቀን ወደ 30 ቀን ይወርዳል። በሰማያዊው ብርሃን የታመሙት ሰዎች በሰማያዊ ቀለም ታከሙ። ሲዚየሙ ግን አልጠፋም፤ ከሰው ወጥቶ ሽንት ቤት ገባ፣ ያም ተሰብስቦ መያዝ ነበረበት።

ሰባት ቤቶች ፈረሱ፣ አፈሩ ተጠርቦ ተነሳ፣ ልብሱም የቤት ዕቃውም በበርሜል ታሸገ። ያ ሁሉ ዛሬ ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው አባዲያ ደ ጎያስ፣ ሣር በለበሰ ጉብታ ሥር ተቀብሯል። አሥር ግማሽ ዕድሜ ማለት ሺህ እጥፍ መቀነስ ነው፤ በእኛው ስሌት ወደ 2289 ገደማ ይውላል። ያን ጊዜም ቢሆን፣ የ93 ግራሙን ሁሉ ብንቆጥር፣ በየሰከንዱ ወደ 50 ቢሊዮን አቶም ይፈርሳል።